ማውሱን ሳንነካ ኢንቦክስ ማጽዳት፦ አራት ፊደልና አንድ ሰቲንግ

እሺ እንጀምር፣ ከኋላ ያላችሁ ትሰማላችሁ አይደል? ከምሳ በኋላ ስለ ኢሜይል ማውራት እንቅልፍ እንደሚያመጣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አላረዝመውም፣ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ግን ይክፈተው፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር በጆሮ ሳይሆን በጣት ነው የሚገባው።

እኔ ሥራዬ ማስተባበር ነው፣ ያው ማለት ነገሩ ሁሉ ሲሲ ይደረግልኛል። ጠዋት ስገባ ሠላሳ አርባ ኢሜይል ይጠብቀኛል፣ ከዛ ውስጥ የእኔን መልስ የሚፈልገው አስር ቢሆን ነው። ሌላው አይቶ ማለፍ ነው። ግን ያቺ "አይቶ ማለፍ" የምንላት ነገር በማውስ ስትሠራ ምን እንደምትመስል አንድ ቀን ራሴን ታዘብኩ፦ ኢሜይሉን ክሊክ፣ አንብቤ ወደ ላይ ሄጄ አርካይቭ የምትለዋን ትንሿን ሳጥን ፈልጌ ክሊክ፣ ከዛ ወደ ዝርዝሩ ይመልሰኛል፣ የቱ ጋር እንደነበርኩ በዓይኔ እፈልግና እንደገና ክሊክ። በተለይ የላፕቶፕ መዳሰሻዋ ላይ በጣት እየጎተቱ ሲሆን ሥራው ማንበብ ሳይሆን ማነጣጠር ይሆናል። የሚያደክመውም ማነጣጠሩ ነው።

የማወራው ስለ ጂሜይል ነው፣ በኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ ያለው። የመሥሪያ ቤት አድራሻ ቢሆንም ከጀርባው የሚሠራው ጂሜይል ከሆነ ያው ነው።

መጀመሪያ ማብራት ያለባችሁ ነገር አለ። የጂሜይል ሾርትከት ሲጀመር ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ሰው "ሞከርኩት አልሠራም" የሚለው እዚህ ጋር ነው። ከላይ በስተቀኝ ያለችውን የማርሽ ምልክት ነክታችሁ `See all settings` ግቡ፣ `General` የሚለው ገጽ ላይ ወደ ታች ውረዱና `Keyboard shortcuts on` የሚለውን ምረጡ፣ ከዛ እስከ ገጹ መጨረሻ ወርዳችሁ `Save Changes` በሉ። ይቺ የመጨረሻዋ ናት የምትረሳው፣ ገጹ ረጅም ስለሆነ ሰው መርጦ ዝም ብሎ ይወጣና ምንም አልተቀየረም። ለዚህ ማውስ መንካት ግድ ነው፣ አንዴ ስለሆነ ግን ይቅር እንላለን።

አሁን ፊደሎቹ። ጂሜይል በጣም ብዙ ሾርትከት አለው፣ `?` ብትጫኑ ሙሉ ዝርዝሩን ስክሪኑ ላይ ይዘረግፍላችኋል፣ እባካችሁ አታንብቡት፣ እኔ አንብቤው በማግስቱ አንዱንም አላስታወስኩም። አራት ብቻ ያዙ። `j` ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ቆየው ኢሜይል ይወስዳችኋል። `k` ወደ ላይ፣ ወደ አዲሱ። `e` አርካይቭ ያደርጋል። `r` ሪፕላይ ይከፍታል። በቃ። ኢሜይል ለመክፈት ኢንተር ነው፣ እሱን ማንም ያውቀዋል፣ የጻፋችሁትን ለመላክ ደግሞ `Ctrl+Enter`፣ ማክ የያዛችሁ በ`Ctrl` ፋንታ `⌘`።

`j` እና `k` ለምን? ታች ማለት በየትኛውም ቋንቋ በጄ አይጀምርም። ነገሩ የድሮ ነው፣ 1976 አካባቢ ቢል ጆይ የሚባል ሰው ቪአይ የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ሲሠራ ኤዲኤም-3ኤ በሚባል ተርሚናል ነበር የሚጠቀመው፣ የዛ ማሽን ኪቦርድ ለብቻቸው የሚቀመጡ የአቅጣጫ ቁልፎች አልነበሩትም፣ ቀስቶቹ የተሳሉት `h` `j` `k` `l` ላይ ነበር። ከዛ ወዲህ ፕሮግራመሮች እጃቸው ለመደው፣ ጂሜይልም ወረሰው። እኔ የማስታውሰው በሌላ መንገድ ነው፣ `j` ጭራዋ ወደ ታች የወረደች ፊደል ናት፣ ታች ትሄዳለች። ደግሞ የቀኝ እጅ አመልካች ጣት በተፈጥሮ የሚያርፍባት ቁልፍ ናት፣ ጣታችሁን ብትዳስሱ `j` ላይ ትንሽ ጉብታ ታገኛላችሁ፣ ስለዚህ ሳታዩ ታገኟታላችሁ።

አርካይቭ ስንል ደግሞ ሰው ይፈራል፣ "ይጠፋብኛል" ይላል። አይጠፋም። ጂሜይል ውስጥ ኢንቦክስ ራሱ ቦታ አይደለም፣ ኢሜይሉ ላይ የተለጠፈ ምልክት ነው። `e` ስትጫኑ ያ ምልክት ይላጣል፣ ኢሜይሉ `All Mail` ውስጥ እንዳለ ይቆያል፣ በፍለጋ ይገኛል፣ ሰው ሪፕላይ ካደረገበት ደግሞ ራሱ ተመልሶ ኢንቦክስ ይመጣል። ይቺን የተረዳ ሰው ብቻ ነው `e`ን ሳይፈራ የሚጫናት።

እሺ፣ አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ የምፈልገው ይሄን ነው። ሾርትከቱን ካበራችሁ በኋላ አንድ ኢሜይል ከፍታችሁ `e` ብትጫኑ ምን ይሆናል? አርካይቭ ይሆንና ወደ ዝርዝሩ ይመልሳችኋል። ታዲያ ምን አተረፍን? እንደገና መክፈት ነው፣ ዓይናችሁም እንደገና ዝርዝሩን ያያል፣ ዝርዝሩን ሲያይ ደግሞ ከታች ያለች ደስ የምትል ርዕስ ይመርጣል፣ ከባዱን ይዘላል። ብዙ ሰው ሾርትከት ጀምሮ የሚተወው ለዚህ ይመስለኛል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያለው።

ያንን የሚፈታው ሰቲንግ `Auto-advance` ይባላል። ሁለት ቦታ ነው የሚበራው፣ ይሄ ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። መጀመሪያ `See all settings` ገብታችሁ `Advanced` የሚለው ገጽ ላይ `Auto-advance` ጎን `Enable` በሉና `Save Changes`። ጂሜይሉ ራሱን እንደገና ይከፍታል። ከዛ እንደገና ሰቲንግ ግቡና `General` ላይ ውረዱ፣ ቅድም ያልነበረ አዲስ ምርጫ ታገኛላችሁ። ሦስት አማራጭ አለው፦ ወደ `next (newer)` ሂድ፣ ወደ `previous (older)` ሂድ፣ ወይ ወደ ዝርዝሩ ተመለስ።

እዚህ ጋር ወጥመድ አለ፣ እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት ያህል ተይዤበታለሁ። "ቀጣዩ" የሚለውን ትመርጣላችሁ አይደል? ማንም ሰው እሱን ነው የሚመርጠው። ግን የጂሜይል ቀጣይ ማለት አዲሱ ነው፣ አዲሱ ደግሞ ከላይ ነው ያለው። እናንተ ጠዋት ገብታችሁ ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን ከፍታችሁ `e` ስትሉ ከእሱ በላይ አዲስ የለም፣ ስለዚህ ወደ ዝርዝሩ ይጥላችኋል። እኔም "ይሄ ነገር አይሠራም" ብዬ ተውኩት፣ ሠርቶ ነበር እኮ፣ የምሄድበት ስላልነበረ ነው። ከላይ ወደ ታች የምትሠሩ ከሆነ የምትመርጡት `previous (older)` የሚለውን ነው። ከታች ከቆየው ጀምራችሁ ወደ ላይ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ `next (newer)`። ሁለተኛው እንደውም ለአንዳንድ ሥራ ይሻላል፣ የቀደመ ይቅደም ብሎ መመለስ ለሚፈልግ፣ እኔ ግን ከላይ ነው የምጀምረው ምክንያቱም ጠዋት የተጻፈው ብዙ ጊዜ ትናንት ማታ የተጠየቀውን ይሰርዘዋል።

ሰቲንግ ሳትነኩም የሚሠሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፣ የቅንፍ ምልክቶቹ `[` እና `]`፣ አርካይቭ አድርገው በአንዴ ወደ ጎረቤቱ ኢሜይል ይወስዳሉ፣ አንዷ ወደ አንድ አቅጣጫ ሌላዋ ወደ ሌላ። እኔ አልወዳቸውም፣ የትኛዋ የት እንደምትሄድ ሁልጊዜ ይምታታብኛል፣ ትንሿ ጣት ደግሞ ወደዛ ስትዘረጋ እጅ ከቦታው ይነሳል። `e` እና ሰቲንጉ ይበቃል።

አሁን አንድ ጠዋት አብረን እንሥራ። እኔ ስክሪኑ ላይ አሳያለሁ፣ የሰው ስም ሸፍኛለሁ።

የመጀመሪያውን በኢንተር እከፍታለሁ። ሲስተም የላከው ማሳወቂያ ነው፣ ፓስወርድህ በዚህ ቀን ያበቃል ምናምን። አነበብኩ፣ `e`። ሄደ፣ ሁለተኛው ተከፈተ። የአስተዳደር ባልደረባችን የመስክ ጉዞው መቼ ነው ትላለች። `r`፣ "ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት እንነሳለን" ብዬ ጻፍኩ፣ `Ctrl+Enter`፣ ተላከ፣ `e`። ሦስተኛው የአቅራቢ ፕሮፎርማ ነው፣ ይሄ ዋጋ ማወዳደር ይፈልጋል፣ አሁን አልሠራውም፣ ስለዚህ ኢንቦክስ ይቆይ፣ `j`። አያችሁ፣ `e` "ጨርሻለሁ" ማለት ነው፣ `j` ደግሞ "ገና ነኝ"። ለእያንዳንዱ ኢሜይል ከሁለት አንዱን መወሰን ነው፣ ዝርዝሩን ስለማላየው መምረጥ አልችልም።

አራተኛው፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ለአስራ አራት ሰው ልኮ፣ አስራ ሦስቱ ለሁሉም ሪፕላይ እያደረጉ "ደርሶናል እናመሰግናለን" የሚሉበት። `e` ብላችሁት ትሄዳላችሁ፣ ሌላው ሲያመሰግን ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ `m` አለላችሁ፣ ያንን ወሬ ዝም ያሰኘዋል፣ አዲስ ምስጋና ሲጨመርበት ኢንቦክስ አይመለስም፣ ለእናንተ ብቻ ተለይቶ ከተላከ ግን ይመጣል። አራት ብቻ ብያችሁ አምስተኛ ጨመርኩ፣ ግን እውነት ለመናገር ከሁሉም የምወዳት እሷን ናት።

አምስተኛው ለሦስት ሰው የተላከ ጥያቄ ነው፣ ሌሎቹም መልሱን ማየት አለባቸው፣ ስለዚህ `r` ሳይሆን `a`፣ ለሁሉም የሚመልሰው። እዚህ ጋር ቆም በሉ። `a` እና `r` አንድ ፊደል ነው ልዩነታቸው፣ በማውስ ሲሆን ቢያንስ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ታያላችሁ። እኔ ከመላኬ በፊት አንዴ ወደ ላይ የተቀባዮቹን መስመር አያለሁ፣ ልማድ አድርጌዋለሁ።

ስድስተኛው ዘጠኝ መልእክት ያለበት ረጅም ምልልስ ነው። `j` ብትሉ ምልልሱን ትታችሁ ሌላ ኢሜይል ትሄዳላችሁ። በምልልሱ ውስጥ ካንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ `n` ወደፊት፣ `p` ወደ ኋላ ነው፣ የታጠፈውን ለመክፈት ኢንተር። ጥንቃቄዋ ምን መሰላችሁ፣ `r` የሚመልሰው ለመጨረሻው ሳይሆን ቆማችሁ ላላችሁበት መልእክት ነው። ወደ ኋላ ሄዳችሁ የሦስተኛውን ሰው ጽሑፍ እያነበባችሁ `r` ካላችሁ መልሳችሁ ለሦስተኛው ሰው ይሄዳል፣ የመጨረሻው ሰው ምንም ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በ`n` እስከ መጨረሻው ውረዱ።

እሺ፣ አሁን የሚበላሸውን እናውራ፣ ምክንያቱም ይበላሻል።

የመጀመሪያው የእኛው ነው። በአማርኛ መልስ ጻፋችሁ፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው፣ ላካችሁ፣ ከዛ `e` ትጫናላችሁ፣ ምንም። ደግማችሁ ትጫናላችሁ፣ ምንም። ኮምፒውተሩ አልቆመም፣ ኢንተርኔቱም አልሄደም፣ የተጫናችሁት `e` ሳይሆን "እ" ነው፣ ጂሜይል "እ"ን አያውቃትም። ስለዚህ እጄን ያስለመድኩት፣ መልሱን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ ቋንቋውን እመልሳለሁ፣ ዊንዶውስ ላይ `Windows+Space` ነው፣ ከዛ `Ctrl+Enter`፣ ከዛ `e`። ኪማን ወይ ሌላ ፕሮግራም የምትጠቀሙ የራሱ መቀያየሪያ አለው፣ ማድረግ ያለባችሁ ግን ያው ነው። ሾርትከት እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ከታች በስተቀኝ ያለችውን የቋንቋ ምልክት ይሁን።

ሁለተኛው የከፋ ነው። አለቃ "ነገ ሪፖርቱ ይደርሳል ወይ" ብሎ ጽፏል፣ እናንተ `r` መጫን ረስታችሁ በቀጥታ `yes` ብላችሁ መጻፍ ጀመራችሁ። ጽሑፍ መጻፊያ ሳጥን ስላልተከፈተ እያንዳንዱ ፊደል ትዕዛዝ ነው። `y` ኢንቦክስ ውስጥ ስትሆኑ እንደ `e` አርካይቭ ያደርጋል፣ ስለዚህ የአለቃው ኢሜይል ሄደ፣ ቀጣዩ ተከፈተ። `e`፣ እሱም ሳይነበብ ሄደ፣ ሦስተኛው መጣ። `s`፣ ሦስተኛው ላይ ኮከብ ተደረገበት። እናንተ "አዎ" ያላችሁ መሰላችሁ፣ ጂሜይል ግን ሁለት ኢሜይል ደብቆ አንዱን ሸለመ። ስክሪኑ እንደ መዝለል ሲል እጃችሁን አንሱ፣ ትርጉሙ ይሄ ነው።

መመለሻው `z` ነው፣ ግን የመጨረሻዋን ድርጊት ብቻ ነው የምትመልሰው፣ በዚህ ምሳሌ ኮከቧን እንጂ የአለቃውን ኢሜይል አይደለም። ለእሱ `g` ተጭናችሁ ለቃችሁ `a` በሉ፣ `All Mail` ይከፈታል፣ አርካይቭ የሆነው ሁሉ እዛ በጊዜ ቅደም ተከተል ተቀምጧል፣ የሄዱትን ሁለቱን ከፍታችሁ `Move to Inbox` ማለት ነው። ተመልሶ ኢንቦክስ ለመግባት `g` ከዛ `i`።

ስለ `z` ሌላ ነገር፣ የተላከንም ይመልሳል፣ ግን ሰዓት አለው። ሳትነኩት ከሆነ አምስት ሰከንድ ነው፣ ሰቲንግ ውስጥ `Undo Send` የሚለው ላይ 10፣ 20 ወይ 30 ማድረግ ይቻላል፣ ሠላሳ አድርጉት፣ የምትከስሩበት ነገር የለም። ግን እንደ እኔ ልካችሁ ወዲያው `e` የምትሉ ከሆነ ያኔ የመጨረሻዋ ድርጊት አርካይቩ ነው፣ `z` የምትመልሰው እሱን እንጂ መላኩን አይደለም። ከባድ ኢሜይል ከሆነ ልኬ ትንሽ እተነፍሳለሁ፣ ከዛ ነው `e` የምለው።

ሦስተኛው የኔትወርክ ጉዳይ ነው። ኔቱ ሲንቀራፈፍ `e` ትሉና ስክሪኑ አይንቀሳቀስም፣ ያልሰማ መስሏችሁ ደግማችሁ ትጫናላችሁ። ሰምቷል፣ እየጠበቀ ነው፣ ሲለቀቅ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ሁለተኛዋም ያላነበባችሁትን ኢሜይል ትወስዳለች። ከላይ `Loading` ምናምን የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እውነቱን ለመናገር ኔት በጣም ቀርፋፋ በሆነ ቀን ይሄን ዘዴ አልጠቀምም፣ ዝርዝሩ ላይ ሆኜ በ`j` እየወረድኩ የማልፈልጋቸውን በ`x` ምልክት አደርግና በመጨረሻ አንድ `e` እላለሁ፣ ሁሉም በአንድ ጉዞ ይሄዳሉ። ርዕሱንና ላኪውን አይቶ ለሚጣለው ነገር እንደውም ይሄ ይፈጥናል።

ጥያቄ አለ? … እሺ ጋሼ።

ጋሼ የሚሉት፣ "እኔ በሁለት ጣት ነው የምጽፈው፣ ለእኔ ይሆናል ወይ" ነው። ጋሼ፣ እንዲያውም ለእርስዎ ይቀላል፣ ምክንያቱም ግራ እጅዎን `e` ላይ ቀኝ እጅዎን `j` ላይ አስቀምጠው ማንበብ ብቻ ነው፣ ሁለት ጣት ከበቂ በላይ ነው። መልስ መጻፍ ሲመጣ እንደ ድሮው በሁለት ጣት ይጻፉ። ግን በመጀመሪያው ሳምንት `m`ን ይተዉት፣ በስህተት ዝም ያሰኙት ምልልስ ድምፁን አያሰማም፣ ጠፍቶ ነው የሚቀረው፣ ፍለጋ ላይ `is:muted` ብለው ካልጻፉ ትዝም አይልዎት።

ሌላ? ስልክ ላይ ይሠራል ወይ፣ አይሠራም፣ ስልክ ላይ ኢሜይሉን በጣት ወደ ጎን መግፋት ነው፣ እሱ ሌላ ሰቲንግ ነው።

አውትሉክ ለምትጠቀሙት፣ እዛ ከኋላ የጠየቅሽው፣ በብሮውዘር የሚከፈተው አውትሉክ ሰቲንግ ውስጥ `Keyboard shortcuts` የሚል ቦታ አለው፣ እዛ ላይ የጂሜይሉን ዓይነት መምረጥ ይቻላል፣ ስለዚህ ሁለቱንም የምትጠቀሚ ከሆነ ጣትሽን ሁለት ቋንቋ ማስተማር አይጠበቅብሽም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው የድሮው አውትሉክ ግን የራሱ ነው፣ እዛ አርካይቭ `Backspace` ነው፣ ሪፕላይ ደግሞ `Ctrl+R`። ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ፣ ሻዩ እስኪመጣ እናስተካክለዋለን።